የማይጠበቅ ክልከላ

በየትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ተነሥቶም ሳይቋጭ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል። ተማሪ አሳይንመንቱንና የመመረቂያ ጽሑፉን ሲሠራ ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን እንዳይነካ እንከልክል ወይስ አጠቃቀሙን በግልጽ እናስተምረው የሚል ነው። ወጣቶቹ መምህራን በአብዛኛው ይፈቀድ ይላሉ፤ በእኔ ዕድሜ ያላችሁት ይከልከል ትላላችሁ፤ ሰብሳቢውም ሰዓቱን አይቶ መከልከሉን በአንድ መስመር ደንቡ ላይ እናስፍርና እንለፍ ይላል። እኔን የምታስፈራኝ ይህች አንድ መስመር ናት። ጠባቂ የሌላት መስመር በዩኒቨርሲቲዎቻችን ደንብ ውስጥ ስትገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ የቀድሞዋ ምን እንዳመጣችብን ያየን ሰዎችም ገና በሕይወት አለን፣ ዛሬ ዝም ብንል ዝምታችን እንደ ፈቃድ ይቆጠርብናል።

የቀድሞዋን ላስታውሳችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ የተማሪው የራሱ ሥራ መሆን አለበት የማይል የዩኒቨርሲቲ ደንብ በአገራችን አላውቅም፤ ተማሪው የራሴ ነው ብሎ ይፈርማል፣ አማካሪውም አይቼዋለሁ ብሎ ይፈርማል። ከፊርማው ገጽ ተነሥተን እስከ ግቢው በር ብንሄድ ግን በመብራት ምሰሶው፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱ መስኮት፣ ኋላ ኋላም በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ጥናትና ምርምር እናማክራለን የሚል ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ እናገኛለን። ርዕስ ይዞ የሄደ ልጅ አምስት ምዕራፍ ይዞ ይመለሳል፤ ርዕስ ያልነበረውም ርዕሱ ጭምር ተመርጦለት ይመለሳል። የአንዱ ወረዳ ስም በሌላው ተተክቶ፣ በአራተኛው ምዕራፍ ሰንጠረዥ ላይ ግን የፊተኛው ወረዳ ስም ሳይነካ ቀርቶ፣ እንዲሁ ተጠርዞ አማካሪው ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ጽሑፍ ነበር። አማካሪው ብዙ ተማሪ ተጭኖበታል፤ የምረቃው ቀን ቀርቧል፤ ልጁ የደሀ ልጅ ነው፤ ወላጆቹም የአገር ልብሳቸውን አጥበው ቀኑን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ይታለፋል። የመጀመሪያው ሲታለፍ ርኅራኄ ነበር፣ አሥረኛው ሲታለፍ ልማድ ሆነ፣ መቶኛው ሲታለፍ ደግሞ ራሱ ለፍቶ የጻፈው ልጅ ሞኝ መሰለ።

በዚህ ልጅ ላይ ትንሽ እንድትቆዩልኝ እለምናችኋለሁ፤ ሁልጊዜ የምንረሳው እሱን ነውና። መጠይቁን በክረምት ጭቃ ቤት ለቤት ያዞረ፣ መልሱን በእጁ የቆጠረ፣ እንግሊዝኛው እያነከሰ ሠላሳ ገጽ የጻፈ ልጅ ቢ አግኝቶ ወጣ፤ በገንዘቡ የገዛው ደግሞ ቋንቋው የተስተካከለ፣ ሰንጠረዡ የተዋበ ነበርና ኤ አግኝቶ ወጣ። የቀጣዩ ዓመት ተመራቂዎች ይህን ሁሉ አይተዋል። ተጽፎ ያልተጠበቀ ደንብ ባዶውን አይቀመጥም፤ እሱም በበኩሉ ያስተምራል፣ የሚያስተምረውም ከመምህሩ ይልቅ ጠልቆ ይገባል። ፊርማ ቃል አለመሆኑን፣ መምህር እያየ እንደማያይ፣ የሚያተርፈው የለፋው ሳይሆን ያልተያዘው መሆኑን አንድ ትውልድ ከእኛው ግቢ ተምሮ ወጣ፤ ዛሬ ያ ትውልድ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ነው።

ከዚያ 2015 ዓ.ም. መጣ፤ ያ ዓመት ሦስት ነገር ይዞብን መጣ። ኅዳር 21 ቀን ኦፕንኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቻትጂፒቲን ለሕዝብ ከፈተ። በጥር ወር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ተነገረ፤ ተማሪዎቹ በየትምህርት ቤታቸው መፈተናቸው ቀርቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው በቁጥጥር የተፈተኑበት የመጀመሪያው ጊዜ ነበር፤ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፣ ከመቶ 3.3 ነበሩ። በሐምሌ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየመስኩ ተሰጠ፤ በየኮርሱ አልፋችኋል ብለን እስከ መጨረሻው ካደረስናቸው መካከል ያለፉት ከመቶ 40 ገደማ ብቻ ሆኑ። ጦርነቱን፣ ኮሮናውን፣ የተዘጉትን ትምህርት ቤቶች አልረሳሁም፤ ለውጤቱ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ልጆቹ በዚያ ዓመት በድንገት አልደነቆሩም። ለዓመታት ሲከመር የኖረ ነገር መጋረጃው ሲነሣ ታየ እንጂ።

እንግዲህ አስቡት። ያ በግቢው በር ላይ በገንዘብ ይሸጥ የነበረው አገልግሎት አሁን ያለ ዋጋ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ በተኛ ልጅ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ቀድሞ ለመግዛት ቢያንስ መውጣት፣ መደራደር፣ ገንዘብ ማግኘት፣ ጥቂትም ማፈር ይጠይቅ ነበር። አሁን ማፈሪያውም ቀርቷል፣ ሰው የለምና። በዚህ ላይ ያችን አንድ መስመር ልትጽፉ ነው።

ክልከላ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጠባቂው ማን ነው ብለን እንጠይቅ። በስብሰባው ላይ ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ በማሽን የተጻፈውን የሚለይ ሶፍትዌር አለ የሚል ነው። አለ፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን ጠይቀን አናውቅም። በቀላሉ ልንገራችሁ፦ እነዚህ መለያዎች ጽሑፉን ማን እንደጻፈው የሚያውቁበት ምሥጢራዊ ማኅተም አያዩም፤ በአብዛኛው የሚመዝኑት ቃል ቃልን ሲከተል ምን ያህል አስቀድሞ የሚገመት እንደሆነ ነው። ቀጣዩ ቃል በቀላሉ የሚገመት ከሆነ ማሽን ጽፎታል ይላሉ፤ ያልተጠበቀ ቃል ከበዛበት ሰው ጽፎታል ይላሉ። ፍርዱ ግምት ነው፤ እኛ ግን ግምቱን ወስደን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንደ ምስክር እናቆመዋለን።

ግምቱ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ቻትጂፒቲን የሠራው ኩባንያ ራሱ ነግሮናል። በጥር 2015 ዓ.ም. የራሱን መለያ አወጣና አብሮ ልኩን ገለጸ፦ በማሽን ከተጻፉ መቶ ጽሑፎች ማሽን ሳይጽፋቸው አይቀርም ብሎ የሚለየው 26ቱን ነው፤ ሰው ከጻፋቸው መቶ ደግሞ ዘጠኙን በስሕተት የማሽን ናቸው ይላል። ይህን በአንድ ትምህርት ክፍል ላይ አስሉት። 200 ተመራቂ አለን እንበል፤ 40ው በማሽን አስጽፈዋል፣ 160ው ራሳቸው ጽፈዋል። ከ40ው የሚያዙት አሥር ናቸው። ከ160ው ያለ ጥፋታቸው የሚያዙት አሥራ አራት ናቸው። ኮሚቴው ፊት ሃያ አራት ልጆች ይቆማሉ፤ ከእነሱ የሚበዙት ንጹሐን ናቸው፤ ሠላሳ ጥፋተኞች ደግሞ በአዳራሹ በኩል ጋዋን ለብሰው ያልፋሉ። ኩባንያው ያን መለያ ትክክለኛነቱ አነስተኛ ነው ብሎ ስድስት ወር ሳይሞላ በሐምሌ አነሣው። ከዚያ ወዲህ የተሻሉ መጥተዋል ትሉኝ ይሆናል፤ መጥተዋል። በአሜሪካ የሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ግን ስሕተቱ ከመቶ አንድ አይደርስም የተባለለትን የተርኒትኢንን መለያ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ እንዲህ አሰላ፦ በዓመት 75 ሺህ ጽሑፍ ያልፍበታል፤ ከመቶ አንድ ብቻ ቢሳሳት 750 ጽሑፍ ያለ ጥፋት ይከሰሳል።

የእኛ ነገር ከዚህም ይከፋል፤ ይህን ከምንም በላይ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ወስደው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና በጻፏቸው 91 ድርሰቶች ላይ ሞከሯቸው። ድርሰቶቹን ሁሉ ሰው ነው የጻፋቸው። መለያዎቹ በአማካይ ከመቶ 61ዱን ማሽን ጽፏቸዋል አሉ፤ ቢያንስ በአንዱ መለያ ያልተከሰሱትም ከመቶ ሦስት አይበልጡም። የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ልጆች የጻፉት ግን ሁሉም ማለት ይቻላል በሰላም አለፈ። ምክንያቱ ከላይ ያልኋችሁ ነው፦ በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላትና የተማራቸውን የዓረፍተ ነገር ቅርጾች መልሶ መላልሶ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ቃሉ ይገመታል። ይህ ማን ነው? ይህ የእኛ ተማሪ ነው። ከደብረ ታቦርም ይምጣ ከጅንካ፣ መጻፍ የተማረው ከመማሪያ መጽሐፍ በተቀዳ እንግሊዝኛ ነው፤ መለያው ፊት የሚያቆመውም ይኸው የቋንቋ ድህነቱ ነው። የባሰውን ልጨምርላችሁ። እነዚያው ተመራማሪዎች ያንኑ ድርሰት ለቻትጂፒቲ ሰጥተው ቃላቱን አሳምርልኝ ሲሉት፣ በስሕተት መከሰሱ ከመቶ ከ61 ወደ 12 ገደማ ወረደ። ራሱ የጻፈው ይያዛል፤ በማሽን ያሳመረው ያልፋል። ያ ጭቃ እየረገጠ መጠይቅ ያዞረው ልጅ ዳግመኛ ተሸነፈ ማለት ነው፤ በዚህኛው ዙር ቢ ተሰጥቶት አይሸኝም፣ ሌባ ተብሎ ይባረራል።

ነገሩ እንዴት እንደሚያልቅ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ የማውቀው ትንቢት ተሰጥቶኝ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ሲያልቅ ስላየሁት ነው። መምህሩ በመጀመሪያው ሴሚስተር ይቆጣል፣ ይከሳል። ተማሪው ራሴ ነው የጻፍሁት ይላል፤ መምህሩ ማስረጃ የለውም፣ ያለው በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር ነው። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ አንድ መምህር የተማሪዎቹን ጽሑፍ እያስገባ ይህን የጻፍኸው አንተ ነህ ወይ ብሎ ቻትጂፒቲን ራሱን ጠየቀው፤ እሱም አዎ ስላለው ብዙዎቹን ተማሪዎች ከሰሰ። ያ መሣሪያ ትናንት ለማን ምን እንደጻፈ ቆጥሮ የሚመሰክርበት መዝገብ የለውም፤ ለተጠየቀው ሁሉ እውነት የሚመስል መልስ ይሰጣል እንጂ። ሁለት ጊዜ እንዲህ የተሳሳተ መምህር ሦስተኛ አይከስም። ዝም ይላል። ዝምታው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ መስመሯም በደንቡ ውስጥ ትቀመጣለች፤ በሩ በቁልፍ ተዘግቶ አጥሩ የፈረሰ ግቢ ያህል ትጠብቀናለች። የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ከልክሎ ዓመቱ ሳያልቅ ፈቃድና ሥልጠና ወደመስጠት የዞረው ሞኝ ሆኖ አይመስለኝም፤ የማይጠብቀውን መያዝ ከመልቀቅ እንደሚብስ ቶሎ ስለገባው ይመስለኛል።

እናንተ ይፈቀድ የምትሉት ወጣቶች ይህን ስትሰሙ ደስ እንዳይላችሁ። የእናንተም መንገድ ያስፈራኛል። ይፈቀድ ስትሉ ብዙ ጊዜ ይተው ማለታችሁ ነው፤ መተው ደግሞ ማስተማር አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. መጸው በቱርክ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የሂሳብ ሙከራ አለ። አንዱ ቡድን በልምምድ ሰዓት መሣሪያውን እንዳሻው እንዲጠቀም ተፈቀደለት፤ የልምምድ ውጤቱ መሣሪያ ካልያዙት በ48 ከመቶ በለጠ። ከዚያ መሣሪያው ተወሰደና ፈተና ተቀመጠ፤ ያው ቡድን መሣሪያውን ጭራሽ ካላዩት ልጆች በ17 ከመቶ አነሰ። ልጆቹ መልሱን ብቻ እየጠየቁ ይቀዱ ነበር፤ ጉዳቱንም ራሳቸው አላወቁትም። ሌላው ቡድን ግን መምህራን ባዘጋጁት መመሪያ ፍንጭ እንጂ መልስ እንዳይሰጥ የተደረገ መሣሪያ ያዘ፤ በልምምዱ ከሁሉም ላቀ፣ በፈተናውም ያ ውድቀት አልደረሰበትም። መሣሪያው አንድ ነው። የተለየው መምህሩ ገብቶበታል ወይስ ትቶታል የሚለው ነው።

ስለዚህ እኔ በግልጽ ይስተማር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ግን ማሽን የማይገባበት የተጠበቀ ቦታ አብሮ ከሌለ ማስተማሩም ከንቱ ነው እላለሁ። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ምዘናውን በሁለት መንገድ የከፈለው በዚህ ሐሳብ ነው፦ በአንዱ መንገድ ተማሪው በአካል ተገኝቶ በቁጥጥር ሥር ይፈተናል፤ በሌላው መንገድ መሣሪያው ክፍት ነው፣ አጠቃቀሙም ይማርበታል። በመካከል፣ ቤት ወስደህ ሥራ ግን አትጠቀም የሚባል፣ ማንም የማይጠብቀው ሦስተኛ መንገድ የለም። ይህ እኛ ዘንድ ምን ሊመስል እንደሚችል በአንድ ኮርስ ላይ ላሳያችሁ፤ ስልሳ ተማሪ ያለበት የጥናት ዘዴ ኮርስ ይሁን።

በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ ስልኩን ሰብስቦ ተማሪዎቹን አርባ ደቂቃ በእጅ ያጽፋቸዋል። ርዕሱ ቀላል ይሁን፤ ልታጠናው የምትፈልገውን ችግርና ለምን እንደሚያሳስብህ ጻፍ። ወረቀቱ አይታረምበትም፣ በፋይል ይቀመጣል፤ የልጁ እንግሊዝኛ በእውነት የት እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከማንኛውም መለያ ሶፍትዌር ይልቅ እሱ ያስተማምናል፤ ለመክሰስ ሳይሆን ለማወቅ የምትጠቀሙበት ከሆነ።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት መምህሩ ራሱ ከመሣሪያው ያወጣውን የሁለት ገጽ የጽሑፍ ቅኝት፣ ዋቢ ዝርዝሩ ሳይቀር፣ ለተማሪዎቹ ያድላል። ሥራው እያንዳንዱን ዋቢ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ማግኘት ነው። አንዳንዱ ይገኛል። አንዳንዱ ደግሞ መጽሔቱ አለ፣ ደራሲው አለ፣ በዚያ ዓመትና በዚያ ገጽ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ታትሞ አያውቅም። ለምሳሌ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚያዘጋጀው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት መታተም የጀመረው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዋቢው ከዚያ መጽሔት የ1958 እ.ኤ.አ. ዕትም ከጠቀሰ ምንም ሳያነቡ ሐሰት መሆኑ ይታወቃል። መሣሪያው የሚዋሸው በክፋት አይደለም፤ ዋቢ የሚመስል ቃል ማቀናበር ለእሱ ከማንኛውም ዓረፍተ ነገር የተለየ ሥራ ስላልሆነ ነው። ይህን አንድ ከሰዓት በኋላ መደርደሪያ መካከል ቆሞ በዓይኑ ያየ ተማሪ፣ አትጠቀም ብለን መቶ ጊዜ ከነገርነው የበለጠ ይጠነቀቃል።

ከዚያ በኋላ የቤት ጽሑፉ ይመጣል፤ ቀድሞ ሁለት ከነበረ አንዱ ይቀራል፣ የእርማቱ ጊዜ ለሌላ ነገር ይፈለጋልና። በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው ይፈቀዳል፤ ተማሪው ግን በመጨረሻ አንድ ገጽ ያያይዛል፦ ምን ጠየቅሁ፣ ምን ወሰድሁ፣ ምኑን ጣልሁ፣ ለምን ጣልሁ። ምንም ያልጣለ ተማሪ ምንም አላነበበም። እንግሊዝኛውን ብቻ እንዲያቃናለት የጠየቀ ልጅ ይህን ሳይሸማቀቅ ይጻፍ፤ ያን እርዳታ ሀብታሙ ልጅ ከድሮም በክፍያ ያገኘው ነበር።

የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ግን የቃል ጥያቄው ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አሥር ደቂቃ፣ ለስልሳ ተማሪ አሥር ሰዓት፤ በሁለት ሳምንት ቢከፋፈል በቀን አንድ ሰዓት ነው። ምን ይጠየቃል? የእኛ አገር የመመረቂያ ጽሑፎች ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ጠፍታ የማታውቀውን የያማኔን የናሙና ቀመር እንውሰድ።

```
n = N / (1 + N × e²)
```

ተማሪው 1,200 አባወራ ካለበት ቀበሌ በ0.05 የስሕተት ወሰን 300 ናሙና ወሰድሁ ብሎ ጽፏል እንበል። ስሌቱ ልክ ነው፤ 1,200 ለ4 ሲካፈል 300 ነው፤ ማሽኑም ይህን አይስትም። እናንተ ጠይቁት፦ የአባወራው ቁጥር 2,400 ቢሆን ናሙናህ 600 ይሆን ነበር ወይ? የሠራው ልጅ ትንሽ ያስብና አይሆንም፣ 343 ገደማ ነው፣ ሕዝቡ በዕጥፍ ሲያድግ ናሙናው በዕጥፍ አያድግም ይላል፤ ቁጥሩን ባያስታውስ እንኳ ወረቀት ጠይቆ ያወጣዋል። ከዚያ ከ300ው መጠይቅ ስንቱ ሳይመለስ ቀረ፣ ያልመለሱትስ እነማን ነበሩ በሉት። ቀበሌው የሄደ ልጅ ፊቱ ይበራል፤ በገበያ ቀን ሄጄ ቤቱ ተዘግቶ ነበር፣ ሴትየዋ ባለቤቴ ካልመጣ አልናገርም አለችኝ ይላል። ያልሄደው ልጅ ሁሉም ተመለሰ ይላል። ይህን ለመለየት ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ጊዜ ሰጥቶ የሚያዳምጥ መምህር ይበቃል።

የዚህም መንገድ ችግር እንዳለው አልሸሽግም። ዓይን አፋር ተማሪ እያወቀ አፉ ይያዛል፤ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ የሚንተባተብ ልጅ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢጠየቅ አጥርቶ ይመልሳል፣ ይህን ልንፈቅድለት ይገባል። ብቻውን የሚጠይቅ መምህር ሊያዳላም ሊጠረጠርም ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት መምህራን ይቀመጡ፣ ውጤቱንም ሳይመካከሩ ለየብቻ ይጻፉ። ክፍሉ መቶ ሃያ ተማሪ ሲሆን አሥሩ ሰዓት ሃያ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሌላ ሸክም ካላነሣልን ይህም በወረቀት ብቻ የሚቀር ደንብ ይሆናል። ስልክ የሌለው፣ የኢንተርኔት ጥቅል መግዣ ያጣ ተማሪም አለ፤ መሣሪያውን የሚጠይቅ ሥራ ሁሉ በግቢው ኮምፒውተር ክፍል ሊሠራ የሚችል መሆን አለበት።

ብዙዎቻችሁ ይህን ስታነቡ በልባችሁ ደመወዙን፣ የትምህርት ጭነቱን፣ ከክፍል ወጥታችሁ በማታ ወደ ሌላ ኮሌጅ መሮጣችሁን እንደምታነሡ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የቀድሞውም ዝምታ የተጀመረው በዚሁ እውነት ነበር፣ ያኔም ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። ልዩነቱ ያኔ ወዴት እንደሚያደርሰን አለማወቃችን ነበር፤ ዛሬ ግን የመውጫ ፈተናውን ውጤት በእጃችን ይዘናል። መሣሪያውን ይዘው የመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ናቸው፤ የሚያስቀድሙትን ልማድ ገና አልመረጡም፤ የሚመርጡትም እኛ በዚህና በሚቀጥለው ዓመት ስንሠራ የሚያዩትን ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርስ አውትላይን ከመባዛቱ በፊት በየኮርሱ የትኛው ምዘና በቁጥጥር ሥር፣ የትኛው መሣሪያው ተፈቅዶ እንደሚሠራ በግልጽ ጻፉ፤ ቢያንስ አንዱን ምዘና ተማሪው ፊት ለፊታችሁ ቆሞ የሚናገርበት አድርጉት። የመለያ ሶፍትዌር ቁጥርን ለብቻው ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ክስ በኮሚቴው እንዳይታይ ወስኑ። ስብሰባው ላይ ደግሞ ያች የክልከላ መስመር ስትነበብ እጃችሁን አንሡና ማን ሊጠብቃት እንደሆነ ስሙን በቃለ ጉባኤው አስጽፉ፤ የሚጻፍ ስም ካልተገኘ መስመሯ ትሰረዝ።